ፓምፑን ማን ይገዛል? ስለ ቦርድ ቃለ ጉባኤ አጻጻፍ

የሚከተለው አንቀጽ ለምሳሌ የተዘጋጀ ነው፤ ሆኖም የማንኛውንም ማህበር መዝገብ ብንገልጥ የሚመስለው አናጣም።

«አጀንዳ 3፦ የውኃ ፓምፕን በተመለከተ። ሰብሳቢው ፓምፑ በተደጋጋሚ እየተበላሸ ነዋሪው መቸገሩን ገልጸዋል። የብሎክ 4 ተወካይ ጥገናው ገንዘብ ከመጨረስ በቀር ለውጥ እንዳላመጣ ተናግረዋል። ገንዘብ ያዧ በበኩላቸው አዲስ መግዛት የማህበሩን ካዝና እንደሚያራቁት አስረድተዋል። የብሎክ 2 ተወካይ ደግሞ ባለፈው ዓመት ጥገናውን የሠራውን ባለሙያ ማን እንደመረጠው ይታወቅልን ብለዋል። በጉዳዩ ላይ ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ ፓምፑ በአዲስ ቢተካ የተሻለ እንደሚሆን አቅጣጫ ተቀምጦ፣ የሚመለከታቸው አካላት በአስቸኳይ ዋጋ አጣርተው እንዲያቀርቡ ተብሏል።»

አምስት ብሎክ ያለው የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ማህበር ነው እንበል። ቦርዱ ሰባት አባላት አሉት፤ ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ ፓምፑ ቆመ ማለት ላይኛው ፎቅ ያለው ሰው በጀሪካን ደረጃ ይወጣል ማለት ነው። ስብሰባው ሁለት ሰዓት ፈጅቷል፤ ጸሐፊው የሰማውን ሁሉ በታማኝነት ጽፏል። ሁለት ወር ያልፋል፤ ፓምፑ ግን አልተገዛም። ሰብሳቢው ዋጋውን የሕንፃው አስተዳዳሪ ያጣራል ብለው ጠብቀዋል። አስተዳዳሪው የግዢ ኮሚቴ ይቋቋማል ብሎ ጠብቋል። ገንዘብ ያዧ ደግሞ «ይገዛ ተብሎ መች ተወሰነ?» ይላሉ። መዝገቡ ሲገለጥ እውነትም የተወሰነ ነገር የለም። «ቢተካ የተሻለ እንደሚሆን አቅጣጫ ተቀምጧል» የሚለው ሐረግ ይግዙ አይልም፤ አይግዙም አይልም። ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ በተግባር የቀረው አንድ ነገር ቢኖር የብሎክ 2 ተወካይ በአንድ ባልደረባቸው ላይ የሰነዘሩት ጥርጣሬ ነው። እሱም በስም ተጽፎ፣ ተፈርሞበት፣ ማኅተም አርፎበት ይቀመጣል።

ብዙ ሰው ጥሩ ቃለ ጉባኤ የሚመስለው የተባለውን አንድም ሳያስቀር የያዘውን ነው። ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ግን የሚይዙት ተቃራኒውን መንገድ ነው። ሄንሪ ማርቲን ሮበርት የተባለ የአሜሪካ ጦር መሐንዲስ በ1876 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የስብሰባ ሥርዓት መጽሐፍ እስከ ዛሬ በብዙ ማህበራት መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ይጠቀሳል፤ በዚህ ነጥብ ላይ ያለው አቋምም ቁርጥ ያለ ነው። ቃለ ጉባኤ የሚመዘግበው ጉባኤው ያደረገውን እንጂ አባላቱ የተናገሩትን አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በኢትዮጵያውያን የማህበረሰብ ድርጅት ወይም በቤተ ክርስቲያን ቦርድ ያገለገለ ሰው ይህን ሥርዓት ያውቀው ይሆናል።

ምክንያቱን ለመረዳት ወረቀቱን ማን እንደሚያነበው ማሰብ ነው። አንዱ አንባቢ በዕለቱ የቀረ የቦርድ አባል ነው። ሁለተኛው ሥራው የተሰጠው ሰው ነው። ሦስተኛው ከውጭ የሚመጣው ነው፤ ኦዲተር፣ ባንክ፣ አንዳንዴም ፍርድ ቤት። ከሦስቱ አንዳቸውም ማን በምን ቃል እንደተከራከረ ለማወቅ አይመጡም። የሂሳብ ፈራሚዎችን ለመቀየር ባንክ ሄዶ የሚያውቅ ሰው ይህን በሚገባ ያውቀዋል። ባንኩ ቃለ ጉባኤ አምጡ ይላል። ሠራተኛዋ ወረቀቱን ተቀብላ የምትፈልገው የትኛው ሂሳብ እንደሆነ፣ ማን እንደተሻረ፣ ማን እንደተሾመ፣ ሙሉ ስሙ በመታወቂያው ላይ እንዳለው መጻፉን፣ ገንዘብ የሚወጣው በአንድ ፊርማ ይሁን በጣምራ ነው። «በፈራሚ ለውጥ ዙሪያ ሰፊ ውይይት ተደርጎ መግባባት ላይ ተደርሷል» የሚል ሦስት ገጽ ብትሰጧት አንድ መስመር አይጠቅማትም፤ ወረቀቱን ትመልሰዋለች። ያን ጊዜ ቦርዱ ዳግመኛ መሰብሰብ አለበት፤ እስከዚያ ደግሞ የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞች ደመወዝ ይቆያል።

ወደ ፓምፑ እንመለስና ያንኑ አጀንዳ በሌላ መንገድ እንጻፈው። በእውነተኛው መዝገብ የኃላፊነት ስም ባለበት ቦታ ሁሉ የሰውየው ሙሉ ስም ይገባል።

«አጀንዳ 3፦ የውኃ ፓምፕ።

የቀረበ ሰነድ፦ የሕንፃው አስተዳዳሪ የጥገና ወጪ ሪፖርት (አባሪ 2)።

ምክንያት፦ ፓምፑ ባለፉት 12 ወራት 5 ጊዜ ተጠግኖ 74,000 ብር ወጥቶበታል። ቦርዱ እንደገና ማስጠገንንና በአዲስ መተካትን አመዛዝኗል።

ውሳኔ 3.1፦ ቦርዱ ፓምፑ ተመሳሳይ አቅም ባለው አዲስ ፓምፕ እንዲተካ፣ ለግዢና ለተከላ ከመጠባበቂያ ሂሳብ እስከ 180,000 ብር ወጪ እንዲደረግ ወስኗል። ድጋፍ 5፣ ተቃውሞ 1 (ገንዘብ ያዧ)። የብሎክ 5 ተወካይ የቅርብ ዘመዳቸው ፓምፕ አስመጪ መሆኑን አስታውቀው በውይይቱም በድምፅ አሰጣጡም አልተሳተፉም።

ተግባር ሀ፦ የሕንፃው አስተዳዳሪ 3 ፕሮፎርማ ሰብስበው ለሰብሳቢው ያስረክባሉ፤ እስከ ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም.።

ተግባር ለ፦ ሰብሳቢው አቅሙን ካሟሉት ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበውን መርጠው ግዢውን ያዛሉ፤ እስከ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.። ዋጋው ከጣሪያው ካለፈ ጉዳዩን ወደ ቦርዱ ይመልሳሉ።

ተግባር ሐ፦ የሕንፃው አስተዳዳሪ ተከላውን አስጨርሰው ደረሰኙንና የዋስትና ወረቀቱን ለኅዳር 28 ስብሰባ ያቀርባሉ።»

ይህ ከመጀመሪያው ይረዝማል፤ የሚሠራው ሥራ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። በስብሰባው ያልነበረ ሰው ወረቀቱን ብቻ ይዞ ፓምፑን መግዛት ይችላል። ከየትኛው ሂሳብ እንደሚከፈል፣ እስከ ስንት እንደሚከፈል፣ ከጣሪያው ካለፈ ምን እንደሚደረግ ተጽፏል። «ተመሳሳይ አቅም ያለው» የምትለዋ ቃል ትንሽ ትመስላለች። እሷ ከሌለች ግን አንዱ ነጋዴ የትንሽ ፓምፕ ዋጋ፣ ሌላው የትልቅ ፓምፕ ዋጋ ያቀርባል፤ «ዝቅተኛው» ሲመረጥ የሚገዛው አራተኛ ፎቅ ውኃ የማያደርስ ዕቃ ይሆናል።

ከተግባሮቹ ውስጥ አንዱም ለሁለት ሰው አልተሰጠም። ብዙ ቦርዶች እዚህ ላይ ነው የሚሳቱት። ሥራው ከባድ መስሎ ሲታያቸው «ሰብሳቢው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዧ በጋራ» ብለው ይጽፋሉ። ሦስት ሰው የተጠየቀበትን ሥራ እያንዳንዱ ሁለቱ ጀምረውታል ብሎ ይተወዋል። ሥራውን ብዙ ሰው ሊሠራው ይችላል፤ ለቦርዱ መልስ የሚሰጠው ግን አንድ መሆን አለበት። ኮሚቴ ከተቋቋመም የሚጻፈው የኮሚቴው ሰብሳቢ ስም ነው። ስሙ የተጻፈው ሰው ደግሞ በስብሰባው ላይ ቢገኝና ቢስማማ መልካም ነው፤ ካልተገኘ ማን እንደሚነግረው ራሱ አንድ ተግባር ሆኖ ይመዝገብ። በሌለበት ሥራ የተጫነበት ሰው «እኔ አልሰማሁም» ቢል ትክክል ነው።

የአማርኛ የቢሮ አጻጻፍ እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለው። «ዋጋ እንዲጣራ ተወስኗል» ብለን ዓረፍተ ነገሩን በሚገባ መጨረስ እንችላለን፤ ሰዋስዉም ምንም አይጎድለው። የሚያጣራው ሰው ግን የለም። ስለዚህ ተግባር የሚጻፈው ባለቤቱን አስቀድሞ ነው፦ እገሌ ይህን ያደርጋሉ፣ እስከዚህ ቀን። «በአስቸኳይ»፣ «በተቻለ ፍጥነት»፣ «በቅርቡ» የሚሉትም ቀን አይደሉም። ቀን ማለት በቀን መቁጠሪያ ላይ ጣት የሚያርፍበት ነው። ቀኑ ከሚቀጥለው ስብሰባ ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን ቢቀድም ይመረጣል፤ አለዚያ ሰው ሥራውን በስብሰባው ዋዜማ ማታ ይጀምረዋል። የቦርዱ አባላት ከፊሉ አዲስ አበባ፣ ከፊሉ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ከሆኑ ደግሞ ሁለቱንም አቆጣጠር መጻፍ ግድ ነው፦ ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. (ኖቬምበር 10 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.)። አንዱ ኅዳር 1ን ኖቬምበር 1 ብሎ ቢይዘው ዘጠኝ ቀን ይጠፋል። የስብሰባ ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ «3 ሰዓት» ብቻ ተብሎ ሲጻፍ ለአንዱ ጠዋት፣ ለሌላው ከሰዓት በኋላ ይሆንበታል።

ክርክሩስ የት ገባ? ከውይይቱ የተረፉት ሁለት የምክንያት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። አምስት ጥገና፣ 74,000 ብር፣ ሁለት አማራጭ ተመዛዝኗል። ይህ የተቀመጠው ለጌጥ አይደለም። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ነዋሪ ተነሥቶ «ገንዘባችንን ያለ በቂ ምክንያት በተኑት» ቢል፣ ቦርዱ አውቆና አማራጭ አይቶ መወሰኑን የሚያሳየው ይህ መስመር ነው። ከዚህ አልፎ እያንዳንዱ ተናጋሪ በስሙ ሲጻፍ ጥቅሙ ሳይሆን ጉዳቱ ይበዛል። የሰው ንግግር በአጭሩ ሲጻፍ መቼም የጸሐፊው ትርጓሜ ይጨመርበታል። በሚቀጥለው ስብሰባ «እኔ እንዲህ አላልኩም» የሚል ይነሣል፤ ያለፈው ክርክር እንደ አዲስ ይጀመራል። ከዚያ ወዲያ ሰዎች ለመዝገቡ መናገር ይጀምራሉ፤ ያልገባቸውን መጠየቅ፣ ሐሳባቸውን በመሐል መቀየር ያፍራሉ። ቦርድ የሚጠቅመው ደግሞ ሰው ሐሳቡን መቀየር ሲችል ነው።

የብሎክ 2 ተወካይ ጥያቄ ግን ተድበስብሶ ይቅር ማለት አይደለም። ጥያቄው እውነተኛ ከሆነ መልሱ ውሳኔ ነው፦ «የማህበሩ ተቆጣጣሪ ያለፈው ዓመት የጥገና ባለሙያ እንዴት እንደተመረጠ መርምረው ለኅዳር 28 ስብሰባ በጽሑፍ ያቀርባሉ።» ቦርዱ ይህን ለመወሰን ካልፈለገ፣ ጥርጣሬውን በወሬ መልክ መዝገብ ውስጥ መተው ተጠርጣሪውንም ጠያቂውንም የሚበድል ነው።

በስም መጻፍ ያለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ ሁለቱም በምሳሌያችን ውስጥ ገብተዋል። አንደኛው የጥቅም ግጭት ነው። ማን ምን ዓይነት ዝምድና ወይም ጥቅም እንዳለው እንዳስታወቀና ከውሳኔው መውጣት አለመውጣቱ ይመዘገባል። ሁለተኛው የልዩነት ሐሳብ ነው። አንድ አባል «ተቃውሞዬ ይያዝልኝ» ካለ ጸሐፊው ያለ ምንም ክርክር ይይዝለታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የንግድ ሕግ ስለ አክሲዮን ማህበር ዳይሬክተሮች ኃላፊነት ሲደነግግ፣ ጥፋት ሳይኖርበት ተቃውሞውን በቃለ ጉባኤው ያስመዘገበና ወዲያውኑ ለኦዲተሮች ያሳወቀ ዳይሬክተር ከሌሎቹ ጋር አብሮ እንዳይጠየቅ በር ከፍቶለት ነበር። በ2013 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 1243 አዲስ የንግድ ሕግ ስለወጣ ዛሬ በአክሲዮን ማህበር ቦርድ የተቀመጠ ሰው አዲሱን ጽሑፍ ማንበብ ይኖርበታል። ነገሩ ግን ግልጽ ነው። ገንዘብ ያዧ «እኔ ተቃውሜ ነበር» ብለው በኋላ በቃል ቢናገሩ የሚሰማቸው የለም፤ ድምፃቸው መዝገቡ ላይ ካለ ግን አለ።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንቅረብ። ጥሩ ቃለ ጉባኤ የሚጻፈው ስብሰባው ካለቀ በኋላ ቤት ተገብቶ አይደለም። እያንዳንዱ አጀንዳ ከመዘጋቱ በፊት ጸሐፊዋ እጇን ታነሣና «የተወሰነው ይህ ነው?» ብላ የጻፈችውን ታነባለች። ሰብሳቢው አባላቱን ይጠይቃሉ፤ ይታረማል፤ ወደ ቀጣዩ ይታለፋል። ይህ በአንድ አጀንዳ አንድ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። የሚያስገርመው፣ በዚያች ደቂቃ ቦርዱ ምንም እንዳልወሰነ ደጋግሞ ይደርስበታል። ሁሉም ራሱን ነቅንቋል፤ አንዱ ግን «ይገዛ» ለማለት፣ ሌላው «ዋጋው ይታይ» ለማለት ነው። ጸሐፊዋ ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታት ጥፋቱ የብዕሯ አይደለም፤ ውሳኔው ገና አልተወለደም። ያን ጊዜ ያለው ምርጫ እዚያው መወሰን ወይም «ለኅዳር 28 ስብሰባ ተላልፏል» ብሎ በግልጽ መጻፍ ነው። ማስተላለፍም ውሳኔ ነው፤ ቀን እስካለው ድረስ።

ረቂቁ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ለአባላቱ ቢደርስ ጥሩ ነው። እዚህ ላይ አባላት የሚያሳዩት ቸልታ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ከአውስትራሊያው የጄምስ ሃርዲ ኩባንያ ታሪክ የበለጠ የሚያሳይ የለም። ኩባንያው ለብዙ ዓመታት የአስቤስቶስ ምርት ሲያመርት የቆየ ነው፤ የአስቤስቶስ ብናኝ ደግሞ ሳንባን ለካንሰር ይዳርጋል። ቦርዱ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. ተሰብስቦ የተጎጂዎችን ካሳ የሚከፍል ድርጅት ለይቶ ለማቋቋም ወሰነ። በማግሥቱ ለአክሲዮን ገበያው በወጣው መግለጫ ድርጅቱ ለካሳ የሚበቃ ገንዘብ እንዳለው ተነገረ። ኋላ ሲታይ የጎደለው ከአንድ ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ነበር።

ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ዳይሬክተሮቹን ከሰሰ። ቃለ ጉባኤው የመግለጫው ረቂቅ ለቦርዱ እንደቀረበና ቦርዱም እንዳጸደቀው ይናገራል። ዳይሬክተሮቹ ግን ረቂቁ በዚያ ስብሰባ ላይ ለቦርዱ አልቀረበም፣ አላጸደቅንም ብለው ተከራከሩ። ችግሩ፣ ያንኑ ቃለ ጉባኤ በኤፕሪል ወር ስብሰባቸው ትክክል ነው ብለው ራሳቸው አጽድቀውታል። የበለጠ የሚያስገርመው ደግሞ የቃለ ጉባኤው ረቂቅ በጠበቆች የተዘጋጀው ከስብሰባው በፊት ነበር፤ ትክክል ያልሆኑ ነገሮችም እንደነበሩበት በክርክሩ ታይቷል። ጉዳዩ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ተጉዞ በሜይ 2012 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ዘንድ ሲቋጭ፣ ዳኞቹ በጊዜው ተጽፎ ቦርዱ በይፋ የተቀበለውን መዝገብ ከዓመታት በኋላ ከመጣው ክህደት አስበልጠው አመኑ። ዳይሬክተሮቹ ለተወሰነ ጊዜ ኩባንያ እንዳይመሩ ታገዱ፤ የገንዘብ ቅጣትም አገኛቸው።

ስለዚህ «ያለፈው ቃለ ጉባኤ ላይ አስተያየት አለ? የለም። ጸድቋል» የሚለው የሩብ ደቂቃ ሥነ ሥርዓት ፊርማ እንደማኖር ነው። አባሉ ማየት ያለበት አጻጻፉ ማማሩን አይደለም፤ የተወሰነው ይህ ነው ወይ፣ ያልቀረበ ሰነድ ቀረበ ተብሏል ወይ፣ የእኔ ድምፅ በትክክል ተይዟል ወይ የሚሉትን ነው። ስህተት ከተገኘ ከመጽደቁ በፊት ይታረማል። ከጸደቀ በኋላ ግን አሮጌው ገጽ አይነካም፤ በአዲሱ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ «የጥቅምት 9 ቃለ ጉባኤ ውሳኔ 3.1 እንዲህ ተብሎ ታርሟል» ተብሎ ይጻፋል። ገጽ መቅደድ፣ ፍሉድ መቀባት፣ ገጽ መተካት ሙሉውን መዝገብ ተጠርጣሪ ያደርገዋል። የገጽ ቁጥርና በየገጹ ያለ ፊርማም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የተግባሮቹ ዝርዝር በቃለ ጉባኤው መጨረሻ ለብቻው ይወጣና የሚቀጥለው ስብሰባ ሁለተኛ አጀንዳ ይሆናል። በየመስመሩ ትይዩ «ተፈጽሟል» ወይም «አልተፈጸመም፤ አዲስ ቀን ታኅሣሥ 5» ተብሎ ይጻፋል። ያልተፈጸመው እስኪፈጸም ድረስ ከዝርዝሩ አይወጣም። ቀኑ ሦስት ጊዜ የተራዘመ ተግባር ካለ፣ ቦርዱ ለዚያ ሥራ የተሳሳተ ሰው መርጧል ወይም ሥራው እንዲሠራ በእውነት አልፈለገም፤ የትኛው እንደሆነ በግልጽ መነጋገር ይኖርበታል።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ በስልክ የሚቀዳው ድምፅ። ብዙ ጸሐፊዎች ዛሬ ስብሰባውን ቀድተው በኋላ እየሰሙ ይጽፋሉ። ይህ ከሆነ አባላቱ አስቀድመው ማወቅና መፍቀድ አለባቸው፤ ቅጂው ለረቂቅ ሥራ ብቻ እንደሆነና ቃለ ጉባኤው ሲጸድቅ እንደሚጠፋ በቦርዱ መመሪያ ላይ ይጻፍ። አለዚያ ሁለት መዝገብ ይኖራል፤ አንዱ የተፈረመበት፣ ሌላው በአንድ ሰው ስልክ ውስጥ ያለ። በጉዳዩ ላይ ክስ ወይም ምርመራ ከተጀመረ ግን ቅጂውም የእጅ ማስታወሻውም አይጠፋም፤ ያን ጊዜ ማጥፋት ማስረጃ ማጥፋት ይሆናል። እስካሁን የተባለው ሁሉ የማይሠራበት ስብሰባም አለ። አንድ ሠራተኛ በዲሲፕሊን ተከሶ መልስ ሲሰጥ፣ ምስክር ቀርቦ ሲናገር፣ የተነገረው ቃል ራሱ ነው ጉዳዩ። እዚያ ጥያቄውም መልሱም እንደተነገረው ይጻፋል፤ ተናጋሪውም አንብቦ ይፈርምበታል። እንዲህ ያለው የቃል መዝገብ ከቦርዱ ቃለ ጉባኤ ጋር አይቀላቀልም፤ ለብቻው ተይዞ በአባሪነት ይጠቀሳል።